ዶሮዋን ዘጠኝ ጊዜ ማጠብ ንጽህና አይደለም፤ ጀርሙን ማድ ቤት ውስጥ መርጨት ነው

ዛሬ ስለ ክትባትም ስለ መኖም አልጽፍም። ዛሬ የመጣሁት ለክርክር ነው። የምከራከረው ከሰው ጋር ሳይሆን ከአንድ ልማድ ጋር ነው፤ ልማዱም ከሊበን እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በየቤቱ አለ። ዶሮዋ ታርዳ፣ ተልጣ፣ ብልቷ ከወጣ በኋላ ማድ ቤት ገብታ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ጊዜ በውሃ ትታሻለች። ይሄ ልማድ ንጽህና ይመስለናል። እኔ ደግሞ በሽታ ማሰራጫ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱኝ።

ለፋሲካ ዋዜማ አንድ ቤት ገብቼ ነበር። የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነው፤ የጫጩቶቹን ማሞቂያ ላይ። ማድ ቤቱ በራፍ ላይ ምራቲቱ ሳፋ ይዛ ተቀምጣለች፣ አማቲቱ ደግሞ ዱካ ላይ ሆነው ይቆጣጠራሉ። ልጅቱ ብልቱን አሽታ ውሃውን ስትደፋ አማቲቱ ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «ገና ነው፤ ድገሚው» ይላሉ። ስድስተኛው ውሃ ላይ ደረስኩ፣ ዘጠነኛው ላይ አበቃ። ውሃው ከጆግ ከላይ ይንቆረቆራል፣ ብልቱ ላይ ያርፍና ይፈናጠራል። ከሳፋው አጠገብ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። በሌላ በኩል ለነገ የተዘጋጀው አይብ በሳህን ተቀምጧል። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ እናቱ ጉልበት ላይ ተደግፎ ውሃውን ይመታል።

«እማማ፣ ለምንድን ነው ይህን ያህል የምትታጠበው?» አልኳቸው።

«ውሃው እስኪጠራ ነዋ፣ ልጄ! ሳይጠራ የሠራችው ወጥ ይበላል እንዴ?»

ነገሩ ያለው እዚችው ቃል ላይ ነው፤ «እስኪጠራ» በምትለዋ። ውሃው ሲጠራ ደሙ አለቀ ማለት ነው። ደም ቀይ ስለሆነ ይታያል። ጀርም ግን ቀለም የለውም። የጠራ ውሃ ስለ ደም እንጂ ስለ ጀርም የሚነግረን ነገር የለም። ዘጠነኛው ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ ሊጠራ ይችላል፣ ውስጡ ግን ሰው ለማሳመም የሚበቃ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። እኛ ጥራቱን እያየን ልባችን ያርፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጀርሙ ከየት ይመጣል? «የእኔ ዶሮ ጤነኛ ናት፣ አላነከሰች፣ አላስነጠሳት» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዶሮዋ አልታመመችም። ካምፓይሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በዶሮ አንጀት ውስጥ ዶሮዋን ሳያሳምም ይኖራል። ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ላባዋም ያበራል። ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ግን ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፣ አንዳንዴም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ። ሳልሞኔላም እንደዚሁ ነው። ይሄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ባሕር ዳር ላይ ተመራማሪዎች የዶሮዎችን ናሙና መርምረው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከአሥሩ ዶሮ ሰባቱ ገደማ ካምፓይሎባክተር ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ገበያ ወጥታችሁ ከገዛችኋቸው ሦስት ዶሮዎች ሁለቱ ይዘውት መጡ ብላችሁ ብታስቡ ከእውነቱ አትርቁም።

ዶሮዋ ስትታረድና ስትበለት አንጀቷ ውስጥ የነበረው ወደ ሥጋው ይሻገራል። አንጀት በቢላ ሲነካ፣ ኩሷ ሲፈስ፣ ላባው በሙቅ ውሃ ሲነከር፣ እጅ ከአንጀት ወደ ሥጋ ሲመለስ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ በቆዳው ቀዳዳ፣ በሥጋው እጥፋትና በመጋጠሚያው ውስጥ ይጣበቃል። ውሃ ከላይ የተንሳፈፈውን ያነሳል፣ የተጣበቀውን ግን አያወጣም። የተነሳውስ የት ይሄዳል? አይሞትም እኮ! ውሃ ባክቴሪያ አይገድልም፤ ቦታ ያስቀይረዋል። መጀመሪያ ሥጋው ላይ ብቻ ነበረ። ከታጠበ በኋላ ሥጋው ላይም አለ፣ ሳፋው ላይም አለ፣ እጃችሁ ላይ፣ ቀሚሳችሁ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በሳፋው ዙሪያ ባለው ዕቃ ሁሉ ላይም አለ።

«እኛ እኮ በሎሚና በጨው ነው የምናጥበው» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ሎሚ ጠረኑን ይወስዳል፣ ጨው ልግጉን ያላቅቃል፤ ወጡ ደስ የሚል ሽታ እንዲኖረው ያግዛሉ። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሁለት ሎሚ አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ ሲጨመቅ ኮምጣጣነቱ በጣም ይቀጥናል። በዚያ ላይ ሥጋው ውስጥ የተጣበቀው ባክቴሪያ ዘንድ አይደርስም። ሎሚ የጠረን መድኃኒት ነው እንጂ የጀርም መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም «በሎሚ ስላጠብኩት ንጹሕ ነው» ብላችሁ እጃችሁን በሳሙና መታጠብ ከተዋችሁ ሎሚው ጎዳችሁ ማለት ነው።

አማቲቱ አላመኑኝም። «አንተ መጽሐፍ ነው የምታወራው፤ እኔ በዐይኔ ያላየሁትን አልቀበልም» አሉኝ። ደግ ብለዋል፣ ባለሙያም ይህን ነው መጠየቅ ያለበት። ስለዚህ ለሌላ ቀን ተቀጣጠርንና ዶሮ ሲያርዱ ጠሩኝ። ያን ቀን የሠራነውን እናንተም ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው አንድ ማንኪያ እርድና የልጆች ደብተር ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን በሳፋው ዙሪያ መሬት ላይ አነጠፍን፣ ጀሪካኑ ላይ ለጠፍን፣ የመሶቡ ክዳን ላይም አደረግን። እርዱን በማጠቢያው ውሃ በጠበጥነው። ከዚያ ምራቲቱ እንደ ልማዷ አጠበች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጠበችው፤ ዘጠኝ ጊዜ አይደለም።

ወረቀቶቹን ስናነሳ ቢጫ ነጠብጣብ ነበረባቸው። ሳፋው ዙሪያ ያለው ወረቀት እንደ ነብር ቆዳ ሆኖ ነበር። ከሳፋው አንድ ክንድ በሚርቀው ወረቀት ላይም ነበረ። ጀሪካኑ አፍ አጠገብ ሦስት ነጠብጣብ ቆጠርን። ልጅቱ ነጠላዋን ስትገልጥ እጅጌዋ ቢጫ ነው፣ ፀጉሯን የነካችበት ግንባሯም ቢጫ ነው። አማቲቱ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «ይሄ ሁሉ ጊዜ መሶቡ ላይ ነበር በለኛ!» አሉ። እርዱ ጀርሙን አልፈጠረውም፣ የውሃውን መንገድ ነው ያሳየን። ውሃው የደረሰበት ሁሉ በውሃው ውስጥ ያለውም ይደርሳል። አንድ ዙር ይህን ካደረገ ዘጠኝ ዙር ዘጠኝ ጊዜ መርጨት ነው።

ይህንኑ ነገር አሜሪካ ውስጥ በትልቁ ሞክረውታል። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ከአንድ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሰዎች ዶሮና ሰላጣ እንዲያዘጋጁ ተደረገ። ዶሮው ላይ ሰው የማይጎዳ፣ ነገር ግን በምርመራ ተለይቶ የሚታወቅ ባክቴሪያ አስቀድሞ ተደርጎበት ነበር። ዶሮውን ካጠቡት ሰዎች ውስጥ 60 ከመቶ የሚሆኑት ማጠቢያ ገንዳቸው ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ። ከ100 ሰው 14ቱ ደግሞ ገንዳውን አጽድተናል ካሉ በኋላም ባክቴሪያው እዚያው ነበር። ካጠቡት ውስጥ 26 ከመቶ በሚሆኑት ዘንድ ባክቴሪያው ሳይበስል የሚበላው ሰላጣ ላይ ደርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ክርክር በእውነት ሲሆን ነው የሚያምረው። በዚያው ጥናት ዶሮውን ጭራሽ ካላጠቡት ሰዎች ውስጥም 31 ከመቶ የሚሆኑት ሰላጣቸውን በክለዋል። እንዴት ሆነ? በእጃቸው ነዋ! ጥሬ ዶሮ ነክተው በሳሙና በደንብ ሳይታጠቡ ሰላጣ ነኩ። ስለዚህ «አላጥብም» ማለት ብቻውን አያድንም። አለማጠብ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል፣ የእጅንና የቢላን መንገድ ግን የሚዘጋው ሳሙና ነው። ሁለቱንም መዝጋት አለብን።

የእኛስ ማድ ቤት ሰላጣው ምንድን ነው? ከዶሮ ወጥ ጋር ምን እንደምናቀርብ አስቡት። አይብ አለ፤ አንዴ ከተነጠረ በኋላ እንደገና እሳት አያይም። እንጀራ አለ፤ ከመሶብ ወጥቶ እንደቀዘቀዘ ይቀርባል። ስንግ ቃሪያ አለ፤ ጥሬ ቃሪያ በጥሬ ሽንኩርት ተሞልቶ፣ ብዙ ጊዜ ዶሮዋ በተበለተችበት ቢላና መክተፊያ ላይ ተከትፎ። የተቀቀለ እንቁላል አለ፤ በእጅ ተልጦ፣ ወጡ ከወጣ በኋላ የሚገባ። ጠላው በጣሳ፣ ውሃው በኩባያ ይቀርባል። ዶሮዋ ራሷ ምንም አትሆንም፤ ትበስላለች። በጀርሙ የሚመታው አጠገቧ የተቀመጠውና እሳት የማያገኘው ምግብ ነው።

እሳት ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ጀርሙን የሚገድለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የዶሮ ሥጋ መሐሉ 74 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ ካምፓይሎባክተርም ሳልሞኔላም ይሞታሉ። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ እየተንተከተከ ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት ላይ ይቆያል። ስለዚህ አንድም ጊዜ ያልታጠበችው ዶሮም፣ ዘጠኝ ጊዜ የታጠበችውም፣ ከድስቱ ስትወጣ እኩል ናቸው። ዘጠኙ ውሃ ለወጡ የጨመረለት ደኅንነት የለም። የጨመረው ለወለሉ፣ ለጀሪካኑና ለልጁ እጅ ነው።

«ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ስናጥብ ለምን አልታመምንም?» ይሄ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ታመናል። ያወቅነው ግን በሌላ ስም ነው። ካምፓይሎባክተር ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው ሕመሙ የሚጀምረው። ፋሲካ እሑድ ነው፤ ልጁ የሚያስቀምጠው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ላይ ቆሞ የቅዳሜውን ሳፋ የሚጠረጥር ማን አለ? «ሁዳዴ 55 ቀን ጾሞ በአንዴ ቅቤ በላ፣ ሆዱ ደነገጠ» እንላለን። ወይ «አይብ አልተስማማውም» እንላለን፤ አይቡን ማን እንደበከለው ሳንጠይቅ። ወይ ደግሞ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብለን እናልፋለን። አዋቂ ሰው በጥቂት ቀናት ድኖ ይነሳል፣ ይረሳዋል። ሕፃን ግን ውሃው አልቆ ይዝላል።

ደግሞም በሽታው ሁልጊዜ ተቅማጥ ሆኖ አይታይም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ተባባሪዎቹ ጋር ሆኖ በገጠር ሕፃናት ላይ ባደረገው ጥናት አንድ ዓመት ያለፋቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ካምፓይሎባክተር በሰገራቸው ተገኝቷል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አልተኙም፣ ይጫወታሉ። እዚያ ሰፈር ልጁ ጀርሙን የሚያገኘው ከማጠቢያ ሳፋ ብቻ አይደለም፤ ዶሮና ከብት ከሚውሉበት ግቢም ነው። እኔ ማለት የምፈልገው ይህን ነው፦ ልጆቻችን ከግቢው የሚደርስባቸው ሳያንስ እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን በጆግ እያንቆረቆርን ማድ ቤት ድረስ አናምጣላቸው።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ። አንድ አባት እንዲህ ብለውኛል፦ «ያ ምክር የፈረንጅ ነው። የእነሱ ዶሮ ከፋብሪካ ተልጣ፣ ተጠርጋ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ ትመጣለች። የእኛ ዶሮ ላባ አላት፣ ደም አላት፣ ኩስ አላት። እንዳለች ድስት ውስጥ እንክተታት?» እውነታቸውን ነው። በዚህ እስማማለሁ። ጓሮ የታረደች ዶሮ ላባና ጥላሸት ይዛ ድስት አትገባም። እኔም የምለው እሱን አይደለም። እኔ የምለው ማጥራትና ማጠብ ሁለት ነገር ናቸው ነው። ማጥራት ውጭ፣ መሬት ላይ፣ በአንድ ውሃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ማድ ቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ የሚደገመው ስምንቱ ውሃ ነው ትርፉ። ከከተማ ተበልታ የተገዛች ዶሮ ከሆነች ደግሞ አንዱም ውሃ አያስፈልጋትም፤ ከላስቲኳ በቀጥታ ወደ ድስት ትግባ።

ስለዚህ በቤታችን እንዲህ እናድርግ። ሥራው የሚጀምረው ዶሮዋ ሳትታረድ ነው። ጠዋት የምትታረድ ከሆነ ማታ እህል አትስጧት፤ ውሃ ግን ትጠጣ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሳትበላ ከቆየች የጉሮሮዋ ከረጢትና አንጀቷ ባዶ ይሆናል፣ ስትበለትም የሚፈስ ነገር ይቀንሳል። ይቺ አንዲት ነገር ከአራት ዙር ውሃ ትበልጣለች፤ ምክንያቱም ያልፈሰሰ ኩስ መታጠብ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ያለው የወንዶች ነው። በባህላችን ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው። አርዶ፣ ቢላውን ጥሎ፣ እጁን አለቅልቆ ይሄዳል። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎ ሥራ እዚያ ላይ አላለቀም። ቢላው በሳሙና ይታጠብ፣ እጅዎም በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ ነው ሕፃን የሚታቀፈው። ላባው የሚነጨውም ከማድ ቤት ራቅ ብሎ፣ ከውሃ ማጠራቀሚያና ከአትክልት መደብ በማይደርስ ቦታ ይሁን። ሙቅ ውሃው እጅ የማያስነካ ይሁን፣ ነገር ግን አይፍላ፤ ከፈላ ቆዳው ይቀቀልና ይተላለጣል።

ሆድ ሲከፈት ቢላው በጥልቀት አይግባ። በመቀመጫዋ ዙሪያ በጥንቃቄ ከፍቶ አንጀቱን ሳይቀዱ በእጅ ስቦ ማውጣት ነው ሙያው። አንጀት ተቀድዶ ኩስ ሥጋው ላይ ከፈሰሰ የነካውን ቦታ ቆርጦ መጣል ይሻላል፤ በውሃ ማዳረስ አይሆንም። ደግነቱ የዶሮ ወጥ ዶሮ ቆዳዋ ይገፈፋል። የላባው ቀዳዳና አብዛኛው ቆሻሻ ያለው ቆዳው ላይ ስለሆነ፣ ቆዳውን አውጥታችሁ ስትጥሉ የማጠቢያውን ሥራ አብዛኛውን ሠርታችኋል። ቆዳውን ከገፈፋችሁ በኋላ ግን ሥጋውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አለበለዚያ የቆዳውን ጀርም ወደ ሥጋው አሻገራችሁት።

ከዚያ ነው አንዱ ውሃ። ጎድጎድ ያለ ሳፋ ውጭ መሬት ላይ አስቀምጡ፣ ከግማሽ በታች ውሃ ጨምሩበት፤ ሎሚና ጨው የለመደ ሰው ይጨምር፣ ለጠረኑ ይረዳዋል። ብልቱን አንድ በአንድ በቀስታ አስገቡ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ አሹ፣ የቀረውን ላባና የረጋውን ደም በጣት አንሱ፣ በቀስታ አውጡና በሌላ ንጹሕ ሳህን ላይ አድርጉ። በጆግ አታንቆርቁሩ። ከቧንቧ ሥር አታድርጉ። ብልቱን በአየር ላይ አታራግፉ። ውሃ ከላይ ሲወድቅ ነው የሚፈናጠረው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥርም ይብሳል። ሕፃን አጠገብ አይሁን፣ የተከፈተ ጀሪካን አጠገብ አይሁን። ብልቱ ከሳህኑ ወደ ድስት ይገባል። በቃ፣ አለቀ። ደግሞ ማድ ቤት ገብቶ ሁለተኛ ሳፋ የለም።

ውሃው ቀድሞ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋና አፈር ይልበስ። ግቢ ውስጥ ከተደፋ የቀሩት ዶሮዎች ይጠጡታል፣ ልጆችም በባዶ እግር ይረግጡታል። ላባውና አንጀቱም እዚያው ይቀበር፤ ከገበያ የተገዛች ዶሮ ፈንግል ይዛ ከሆነ በላባዋና በአንጀቷ የቤታችሁን መንጋ ልትጨርስ ትችላለችና። ሳፋው፣ መክተፊያውና ቢላው መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠቡ። ከዚያ በአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርጋችሁ አፍስሱባቸው፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቁ። በረኪናው ሳሙናውን አይተካም፤ ስብና ደም ባለበት ዕቃ ላይ ኃይሉ ይደክማል። እጅ ደግሞ እስከ ክርን በሳሙና ይታሽ፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር፣ ቢያንስ ሃያ እስክትቆጥሩ ድረስ። ስንግ ቃሪያና ሽንኩርት ዶሮዋ ከመበለቷ በፊት ቢከተፍ የተሻለ ነው፤ ቢላው ያኔ ንጹሕ ነው።

አንዲት የቀረች ነገር አለች፤ እሷን ሳልናገር ብዘጋ ኅሊናዬ አይተኛም። ጉበቷ። እናት ወጥ ስትሠራ ልጁ ሲያለቅስ ጉበቷን ፍም ላይ ጣል አድርጋ፣ ላይዋ ጠቆር ሲል «እንካ» ትለዋለች። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ጀርሙ በጉበት ውስጥም ይገባል፣ ከላይ ብቻ አይደለም ያለው። ላይዋ ያረረች፣ መሐሏ ቀይ የሆነች ጉበት ለሕፃን አትሰጥም። ሰንጥቃችሁ እዩ፤ መሐሏ ቀይ ከሆነች ወይም የምትወጣው ፈሳሽ ደም ከመሰለች ወደ እሳቱ ትመለስ። ብትጠራጠሩ ወጡ ውስጥ ክተቷት፣ ልጁ ትንሽ ይታገሥ።

ስሌቱንም አብረን እንሥራ። በአንድ ሳፋ አራት ሊትር ውሃ ብንል፣ ዘጠኝ ዙር 36 ሊትር ነው፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ አራት ሊትር ብቻ ይቀረዋል። ያን ውሃ ከወንዝ ወይም ከቦኖ ተሸክማ የመጣችው ያቺው ምራት ናት። በጀርባዋ ያመጣችውን ውሃ ቤቷን ለመበከል እያዋለችው ነው ማለት ነው። ከዚያ ውሃ ግማሹ ለእጅና ለዕቃ ማጠቢያ ቢውል፣ ለዶሮዋ የታሰበው ንጽህና ያኔ ለቤቱ ይደርሳል።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሴት ልጅ በዚህ መለካቷ ነው። «የእገሌ ምራት ዶሮ አጠባ አትችልም፣ አምስት ውሃ ብቻ አጠበች» ተብሎ በቡና ላይ ይወራባታል። ማንም ግን «ዶሮዋን ነክታ እጇን ሳትታጠብ እንቁላል ላጠች» ብሎ አያማትም። «ቢላውን ሳታጥብ ቃሪያ ከተፈች» የሚል የለም። «አርዶ እጁን ሳይታጠብ ልጅ አቀፈ» ተብሎ የታማ ወንድም የለም። ሙያ የሚለካበትን ነገር ነው መቀየር ያለብን። ባለሙያ ማለት አንጀት ሳትቀድ የምታወጣ ናት፤ ባለሙያ ማለት አንድ ውሃ የሚበቃው አድርጋ የምትበልት ናት፤ ባለሙያ ማለት ሳፋዋ ከማድ ቤት ውጭ፣ ሳሙናዋ ደግሞ ከእጇ የማይርቅ ናት።

እኚያ አማት በኋላ ምን እንዳሉ ልንገራችሁና ላብቃ። ወረቀቶቹን ሰበሰቡ፣ መሶቡን ወደ ጓዳ አስገቡ፣ ጀሪካኑን ከደኑ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው «ሳፋውን አንሺና ከዋርካው ሥር ውሰጂው። አንድ ውሃ ነው፤ ሁለተኛ እንዳላይ!» አሉ። ልማዱን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ፣ የሻሩትም እሳቸው ናቸው። እናንተም ካላመናችሁኝ አንድ ማንኪያ እርድ ውሃው ውስጥ በጥብጡና መሶባችሁን እዩት።